ከሞት በኋላ የሚቀር ቻት፦ ስልኩ፣ ሲም ካርዱና የጊዜ ገደቡ

እናት ወይም አባት ካረፉ በኋላ ቻታቸውን የሚፈልጉ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ለኩባንያው በመጻፍ ነው። የሞት ምስክር ወረቀት ያስተረጉማሉ፣ ያያይዛሉ፣ መልስ ይጠብቃሉ። በዚያ መሃል ስልኩ ባትሪ ጨርሶ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል፤ መስመሩም ሂሳብ ሳይሞላበት ይዘጋል። መጨረሻ ላይ የሚመጣው መልስ "አንችልም" የሚል ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ያስችል የነበረው ነገር ሁሉ አልፏል።

ዋትስአፕም ሆነ ቴሌግራም ለወራሽ ቻት የሚያስረክቡበት አሠራር የላቸውም። ፌስቡክ ገጹን ወደ መታሰቢያነት ይለውጣል እንጂ መልእክት አያስነብብም። ስለዚህ በተግባር ቻት የሚገኘው ሦስት ነገሮች በእጅ ካሉ ነው፦ የሟች ስልክ፣ የስልኩ መክፈቻና በስልክ ቁጥሩ የሚሠራው ሲም ካርድ። እዚህ ላይ የምጽፈው በአመዛኙ ስለ ቴሌግራምና ስለ ዋትስአፕ ነው፤ የአብዛኛው ቤተሰባችን ወሬ፣ የልጅ ልጅ ፎቶና የእናት የድምፅ መልእክት ያለው እዚያ ስለሆነ።

መጀመሪያ የራሳችሁን ስልክ

ቻት ምንጊዜም ሁለት ወገን አለው። እናታችሁ ለእናንተ የላኩት ድምፅ በእናንተም ስልክ ላይ አለ፤ ለእህታችሁ የላኩት በእህታችሁ ስልክ ላይ፣ የቤተሰቡ ግሩፕ ደግሞ በሁሉም ዘንድ። ሰው የሟችን ስልክ ለመክፈት ሲሯሯጥ ይህን ቅጂ ይረሳዋል፤ ከዚያም የራሱን ስልክ ሲቀይር ወይም ቦታ ሲሞላበት ሳያውቅ ያጠፋዋል። ከምንም በፊት መያዝ ያለበት እሱ ነው። ለማንም ፈቃድ መጻፍ አያስፈልግም፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ዋትስአፕ ላይ ቻቱን ከፍታችሁ በሦስቱ ነጥቦች `More` ውስጥ ገብታችሁ `Export chat` የሚለውን ትነካላችሁ። አይፎን ላይ የሰውየውን ስም ስትነኩ ከታች ይገኛል። ሚዲያውን ጨምራችሁ ካወጣችሁ የመጨረሻዎቹን እስከ 10,000 መልእክቶች፣ ጽሑፉን ብቻ ካወጣችሁ እስከ 40,000 ድረስ ይሰጣችኋል። የብዙ ዓመት ቻት ከሆነ ሁለቱንም አውጡ፦ ጽሑፉን ብቻ የያዘው ወደ ኋላ ርቆ ይሄዳል፣ ሚዲያ ያለው ደግሞ የቅርቡን ድምፅና ፎቶ ይይዛል። ፋይሉ ተመልሶ ዋትስአፕ ውስጥ አይገባም፤ የሚነበብና የሚቀመጥ ቅጂ ነው። ጀርመን አገር ያላችሁ ይህ አማራጭ ቢጠፋባችሁ ስልካችሁ አልተበላሸም፤ ዋትስአፕ በዚያ አገር `Export chat` አያቀርብም።

የድምፅ መልእክቶቹን ግን ከዚህ ገደብ ውጭ ማግኘት ይቻላል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ዋትስአፕ እያንዳንዱን የድምፅ መልእክት በ`.opus` ፋይል ያስቀምጣል፤ ቦታውም ይህ ነው፦

```
Android/media/com.whatsapp/WhatsApp/Media/WhatsApp Voice Notes
```

ውስጡ በዓመትና በሳምንት ቁጥር የተሰየሙ ብዙ ፎልደሮች አሉ። ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ የፋይል ዝውውር የሚለውን ስትመርጡ ሙሉውን ፎልደር መቅዳት ትችላላችሁ። ቻቱ ራሱ የተመሰጠረ ቢሆንም እነዚህ ፋይሎች ግን አይደሉም፤ ማንኛውም ዘመናዊ ማጫወቻ ይከፍታቸዋል። ችግሩ ፋይሉ ማን እንደላከው አይናገርም። ቀኑን ከፋይሉ ስም ላይ ታነባላችሁ፣ የተናጋሪውን ማንነት ግን በጆሮ መለየት ነው። ስለዚህ የእናታችሁን ድምፅ ለይታችሁ የምታስቀምጡበት ሌላ ፎልደር ክፈቱ፤ ዋናውን ግን ሳትነኩት ይቆይ።

አንድ ነገር ፈጥኖ መታየት አለበት። ሟች ወይም እናንተ በቻቱ ላይ የሚጠፋ መልእክት አብርታችሁ ከነበረ፣ እንደ ምርጫው በ24 ሰዓት፣ በ7 ቀን ወይም በ90 ቀን መልእክቱ ከሁለቱም ስልክ ይጠፋል። ሰውየው ስላረፈ ቆጠራው አይቆምም። ቅንብሩን ዛሬ ብታጠፉት እንኳ ቀድሞ የተላከውን አያድንም። ከላይኛው የቻት መስመር ላይ የሰዓት ምልክት ካያችሁ ያን ቻት ከሌላው ሁሉ አስቀድሙ።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በሁለት ሰዎች መካከል ያለን ቻት ከሁለቱ አንዱ በማንኛውም ጊዜ ከሁለቱም በኩል ሊያጠፋ ይችላል። የሟችን ስልክ ይዞ "ላጽዳው" ያለ ዘመድ በአንድ ምልክት የእናንተንም ቅጂ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በሟች ስልክ ላይ ምንም እንዳይጠፋ መጀመሪያ ቤተሰቡ ይስማማ፤ ቴሌፎኑ በአንድ ሰው እጅ ይሁን።

ስልኩ በእጅ፣ ፓተርኑ የሚታወቅ ከሆነ

አንድ ቤተሰብ እናስብ። እናት አዲስ አበባ አርፈዋል፤ አብራቸው የምትኖር ልጃቸው የስልኩን ፓተርን ታውቃለች፤ ወንድሟ ቨርጂኒያ ነው። ስልኩ አንድሮይድ ነው፤ ቴሌግራምና ዋትስአፕ አለው። በለቅሶው ቀናት ከልጅቷ የሚጠበቀው ጥቂት ነው፦ ስልኩ ቻርጅ ላይ ይሁን፣ አይጥፋ፣ ሲሙ አይውጣ፣ ፓተርኑም ወረቀት ላይ ይጻፍ። መስመሩ እንዳይዘጋ ሂሳብ ይሞላ። ጣት አሻራ ወይም ፊት ብቻ የሚከፍተው ስልክ እንደገና ሲነሳ ፓተርኑን ወይም ፒኑን ይጠይቃል፤ "ማጥፋትና ማብራት" እዚህ ላይ ጉዳት ነው።

ሠልስት ካለፈ በኋላ መጀመሪያ ከላይ የተጠቀሰውን የዋትስአፕ ፎልደርና የካሜራውን ፎቶዎች ወደ ኮምፒውተር ትቀዳለች። ከዚያ አስፈላጊ የሆኑትን ቻቶች አንድ በአንድ ታወጣለች። ቀጥላም በዋትስአፕ ቅንብር ውስጥ `Chat backup` ገብታ ባክአፑ ወደ የትኛው የጉግል አድራሻ እንደሚሄድ ታያለች፤ ያን አድራሻ ትጽፈዋለች። ይህ ባክአፕ ኋላ በሌላ ስልክ ላይ የሚከፈተው ያው ስልክ ቁጥርና ያው የጉግል አካውንት ሲኖር ብቻ ነው። እናት ለባክአፑ የራሱን የይለፍ ቃል ወይም 64 አሃዝ ያለውን ቁልፍ አድርገውበት ከነበረ፣ ያ ከሌለ ዋትስአፕም ጉግልም አይከፍቱትም።

የቴሌግራሙ ሥራ ቀላል ነው፤ ቻቱ ስልኩ ላይ ሳይሆን በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ። ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ ቴሌግራም ዴስክቶፕን ትጭናለች፤ በእናቷ ስልክ ላይ `Settings`፣ ከዚያ `Devices` ገብታ `Link Desktop Device` የሚለውን ነክታ በኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን ኪውአር ኮድ ታነሳለች። ገብታ ስታበቃ `Settings`፣ `Advanced`፣ `Export Telegram data`። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል፤ አዲስ በተገናኘ መሣሪያ ላይ ቴሌግራም ለደኅንነት ሲል 24 ሰዓት ያስጠብቃል። ስህተት አይደለም፤ በማግስቱ ተመልሶ መጀመር ነው። በማውጫው መስኮት ላይ የድምፅ መልእክቶችና ቪዲዮዎች ምልክት እንደተደረገባቸው መመልከት ያስፈልጋል፤ የፋይል መጠን ገደቡም ሳይነካ ሲተው 8 ሜጋባይት ስለሆነ ከዚያ የሚበልጠው የሠርግ ወይም የክርስትና ቪዲዮ ይቀራል። ገደቡን ወደ ቀኝ ሳቡት። ሲያልቅ በብራውዘር የሚከፈት ቅጂ ታገኛለች፤ እሱን ለወንድሟ በሁለተኛ ዲስክ ማድረስ ይቻላል።

ይህ ቅጂ የማይዘው አንድ ነገር አለ፦ ሚስጥራዊ ቻት የሚባለውን። እሱ በተጀመረበት ስልክ ላይ ብቻ ይኖራል፤ ከስልኩ ላይ ቴሌግራም `Log out` ቢደረግ ለዘለዓለም ይጠፋል። አረንጓዴ ቁልፍ ያለበት ስም ካለ እዚያው ስልኩ ላይ ነው የሚታየው። ሊነበብ የሚገባው ነው ወይ የሚለውን ግን ከታች እመለስበታለሁ።

ስልኩ ተቆልፎ፣ ሲም ካርዱ ካለ

ከባዱ ሁኔታ ይህ ነው፤ ስህተትም የሚበዛው እዚህ ነው። ፓተርን እየገመቱ መሞከር ስልኩን ለረዘመ ጊዜ ያስቆልፋል፤ አንዳንዱ አይፎን ከ10 ስህተት በኋላ ራሱን እንዲያጠፋ ተቀናብሯል። ስልክ ጥገና ቤት ወስዶ "ይከፈትልኝ" ማለትም ያሰጋኛል። ባለሙያው ቁልፉን የሚያነሳው ስልኩን ፎርማት በማድረግ ወይም ፍላሽ በማድረግ ከሆነ፣ የሚመለስላችሁ የሚሠራ ባዶ ስልክ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት "ዳታው ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ መልሱ የተምታታ ከሆነ ስልኩን ይዛችሁ ተመለሱ።

ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ማድረግ ለቴሌግራም ሊሠራ ይችላል። ቁጥሩን ስታስገቡ የመግቢያ ኮዱ መጀመሪያ የሚላከው በአሮጌው ስልክ ላይ ወዳለው ቴሌግራም ነው፤ ስለዚህ የተቆለፈው ስልክ ከዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ከነበረ ኮዱ በቁልፉ ገጽ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። ካልሆነ ኮዱ በኤስኤምኤስ እንዲላክ መጠየቅ ነው። ቀጥሎ የሁለተኛ ደረጃ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ቁሙ። ፍንጭ ካለ ይታያል፤ ኢሜይል ከተመዘገበም መልሶ ማግኛው ወደዚያ ይሄዳል። `Reset account` የሚለው ግን መክፈቻ አይመስላችሁ፤ አካውንቱን ከነቻቱ ደምስሶ በዚያው ቁጥር ባዶ አካውንት የሚከፍት ነው።

ለዋትስአፕ ይኸው መንገድ ብዙ አይሰጥም። ቁጥሩን በሌላ ስልክ ስታስመዘግቡ አሮጌው ስልክ ከአካውንቱ ይወጣል፣ አዲሱ ላይ ግን ቻት አይመጣም፤ ግሩፖቹ ብቻ ይታያሉ። የጉግል አካውንቱ በእጃችሁ ከሌለ ይህን ባትነኩት እመርጣለሁ። በኮምፒውተር ላይ የተከፈተ ዋትስአፕ ካለ ግን ዛሬውኑ ተመልከቱት። ዋናው ስልክ ከ14 ቀን በላይ ካልተነካ የተገናኙ መሣሪያዎች ሁሉ ይወጣሉ፤ ያ ማለት ከአርባው በፊት ያ በር ተዘግቷል ማለት ነው። አካውንቱ ራሱ ደግሞ ለ120 ቀን ያህል ከዋትስአፕ ጋር ካልተገናኘ ይሰረዛል።

በአረብ አገር ሠርታ ያረፈች ልጅ ስልኳ ከዕቃዋ ጋር ወደ ቤተሰቧ ሲመጣ ቁጥሩ የሳዑዲ ወይም የኤምሬትስ ይሆናል። የመስመሩ ኮድ ኢትዮጵያ ላይ ላይደርስ ይችላል። እዚህ ላይ ዋጋ ያለው ስልኩ ላይ ገብቶ የቀረው ቴሌግራም ነው፤ ፓተርኑን የምታውቅ ጓደኛ ካለች ሲሙን ሳታወጡ፣ ከአካውንቱም ሳትወጡ በዋይፋይ ከፍታችሁ ወደ ኮምፒውተር አገናኙት።

ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሲሰጥ

ስለዚህ ጉዳይ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሂሳብ የማይሞላበት መስመር ከጊዜ በኋላ ተዘግቶ ለአዲስ ደንበኛ ይሸጣል። ያ ሰው ቴሌግራም ላይ ቁጥሩን ሲያስገባ፣ የእናታችሁ አካውንት እስካለና ሁለተኛ የይለፍ ቃል እስከሌለው ድረስ የሚገባው ወደ እሳቸው አካውንት ነው። ክፋት ሳያስብ የሙሉ ሕይወታቸውን ወሬ ያገኘዋል፤ ክፉ ከሆነ ደግሞ በስማቸው ገንዘብ ይጠይቃል።

መከላከያው ሁለት ነው። መግባት ከቻላችሁ `Two-Step Verification` ላይ የይለፍ ቃልና የራሳችሁን ኢሜይል አድርጉ። ከዚያ በ`Change Number` አካውንቱን ወደ ቤተሰብ ቁጥር አዛውሩት፤ ቻቱ ከነሙሉው አብሮ ይሄዳል። አዲሱ ቁጥር ግን ቴሌግራም ያልተከፈተበት መሆን አለበት፤ ለዚሁ ብላችሁ የምታወጡት ሲም ቢሆን ይሻላል። በ`Privacy and Security` ውስጥ ከታች "ለዚህን ያህል ጊዜ ካልገባሁ አካውንቴ ይጥፋ" የሚል ቅንብርም አለ፤ ወደ ረጅሙ ምርጫ ውሰዱት። አካውንቱ ቢሰረዝ በእናንተ በኩል ስሙ `Deleted Account` ይሆናል፣ መልእክቱ ግን ይቆያል።

ፌስቡክ፦ መታሰቢያ ማድረግን አትቸኩሉ

ሰው ሲያርፍ አንድ ጓደኛ በቅንነት ለፌስቡክ ያሳውቃል፤ ማስረጃ ከቀረበ ገጹ መታሰቢያ ይሆናል፣ ከስሙ ጋር `Remembering` ይጻፋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ልጅ እንኳ መግባት አይችልም። ሟች በሕይወት ሳሉ የመረጡት `Legacy contact` ካለ የመገለጫ ፎቶ ይቀይራል፣ ከላይ የሚቀመጥ ጽሑፍ ይለጥፋል፣ ገጹ እንዲዘጋ ይጠይቃል፤ መልእክት ግን አያነብም። ስለዚህ ገጹ ክፍት ሆኖ በእጃችሁ ካለ መጀመሪያ የሚወርደውን አውርዱ፤ መታሰቢያነቱን ኋላ ጠይቁ።

ይህ ሕግ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በርሊን ውስጥ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ በምድር ውስጥ ባቡር ሞተች። እናቷ የልጇን የይለፍ ቃል ታውቅ ነበር፤ ገጹ ግን መታሰቢያ ሆኖ ነበርና ልትገባ አልቻለችም። ልጇ ራሷን አጥፍታ እንደሆነ ወይም አደጋ እንደሆነ ከመልእክቶቹ ለማወቅ ፈለገች። የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. አካውንቱ እንደ ደብዳቤና እንደ ማስታወሻ ደብተር ለወራሽ ይተላለፋል ሲል ፈረደ። ኩባንያው ከ14,000 ገጽ በላይ ያለው ፒዲኤፍ በፍላሽ ሰጣት፤ ፍርድ ቤቱ በ2020 ያ አይበቃም፣ አካውንቱ ራሱ ይከፈትላት አለ። ይህ የተወሰነው ልጅቷ ከሞተች ስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ዛሬ ደግሞ ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሜሴንጀር የግል ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ መመስጠር ጀምሯል፤ ኩባንያው ራሱ የማያነበውን ፍርድ ቤት ሊያወጣው አይችልም።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የተለየ ነገር ይገጥማችኋል። በአብዛኛዎቹ ግዛቶች የሚሠራው ሕግ ሟች በሕይወት ሳሉ ካልፈቀዱ በቀር የመልእክቱን ይዘት ለወራሽ በቀላሉ አያሰጥም፤ ፈቃዱ በኑዛዜ ወይም በኩባንያው ቅንብር ውስጥ መኖር አለበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያስፈልጉት ሰነዶች ሁለት ናቸው። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ከዚያ የሞት ምስክር ወረቀት ይገኛል። ወራሽነት ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 996 መሠረት ከፍርድ ቤት በሚሰጥ ማስረጃ ይረጋገጣል። የመስመሩን ስም ለማዛወር ስትጠይቁ፣ ወይም ለፌስቡክና ለአፕል ስታመለክቱ ትርጉማቸውን አብራችሁ ያዙ። በገንዘብ "አካውንት እከፍታለሁ" የሚሉ የቴሌግራም ቻናሎችን ግን ራቁ፤ ያለፈቃድ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያስቀጣል፣ ብዙዎቹም ገንዘቡን ወስደው የሚጠፉ ናቸው።

ማን ያንብበው?

የሟች ቻት ውስጥ የሞተው አንድ ወገን ብቻ ነው። ሌላው ወገን በሕይወት ያለች ጎረቤት፣ የንስሐ አባት፣ በሽታዋን ለእናታችሁ ብቻ የነገረች የአክስት ልጅ ናት። እነሱ የጻፉት ለእናንተ አይደለም። የቤተሰብን ፎቶና ድምፅ ለመያዝ ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም፤ ሳይከፍቱ መቅዳት ይቻላል። እኔ የምመክረው ቅጂውን አንድ ሰው ይዞ፣ ከእናንተ ጋር የተደረገውን ወሬ ብቻ ለይቶ ለየባለቤቱ እንዲሰጥ ነው። የዕዳ ወይም የቤት ውል ጉዳይ ካለ በዚያ ሰው ስም ፈልጎ ያን ቻት ብቻ ይክፈት። ሚስጥራዊ ቻት የተባለውን ደግሞ ሟች ራሳቸው ከሌላው ለይተው ያስቀመጡት ስለሆነ ባይነካ እላለሁ።

በሕይወት ላሉት

አባታችሁ ወይም እናንተ አይፎን የምትጠቀሙ ከሆነ ከ`Settings` ላይ ስማችሁን ነክታችሁ በ`Sign-In & Security` ውስጥ `Legacy Contact` ላይ አንድ የቤተሰብ ሰው መመዝገብ ይቻላል፤ ከ`iOS 15.2` ጀምሮ አለ። ለዚያ ሰው ቁልፍ የሆነ ኮድ ይሰጠዋል፤ ኮዱ ታትሞ ከውርስ ወረቀቱ ጋር ይቀመጥ። ሞት ሲደርስ ኮዱንና የሞት ምስክሩን `digital-legacy.apple.com` ላይ ያስገባል፤ ለሦስት ዓመት ያህል በአይክላውድ ያለውን ፎቶና መልእክት ያያል፣ ከዚያ አካውንቱ ይሰረዛል። የይለፍ ቃሎች የተቀመጡበት ኪቼይን ግን አይከፈትለትም።

ጉግል ላይ ያለው `Inactive Account Manager` ይባላል። ከ3 እስከ 18 ወር የሚደርስ ጊዜ ትመርጣላችሁ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልገባችሁ እስከ 10 ለሚደርሱ ሰዎች የመረጣችሁትን ዳታ የሚያወርዱበት አድራሻ ይልካል፤ ለማውረድ ሦስት ወር አላቸው። አካውንቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ካልተነካ ጉግል ሊሰርዘው ስለሚችል ጊዜውን አታራዝሙት። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ይህን የሚመስል ነገር ስለሌላቸው የስልኩ ፓተርን፣ የቴሌግራም ሁለተኛ የይለፍ ቃልና የዋትስአፕ ባለ 6 አሃዝ ፒን በወረቀት ተጽፈው፣ ፖስታው ታሽጎ፣ የቤቱ ካርታና የባንክ ደብተሩ ባለበት ይቀመጡ። ፓተርኑ ሲቀየር ወረቀቱም ይቀየር።